«እንኳን ተወለዱልን»፦ አንድ ክፍል ለመምህሩ የልደት መልእክት እንዴት ይጽፋል?

በ2018 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዷን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ደሴ ውስጥ የማውቃቸው የ9ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ የሒሳብ መምህርታቸው ልደት እዚያው ላይ ወደቀባቸው። ኬክ ቢገዙ የክፍሉ እኩሌታ እንቁላልና ቅቤ አይበላም፣ ሌላው እኩሌታ እስከ ማታ ውኃም አይቀምስም። ስለዚህ መልእክት ጽፈን እናንብብላቸው ተባለ። የክፍሉ አለቃ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ አማርኛ ስለማስተምር ረቂቁን ይዞ ቤቴ መጣ።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ክብርት መምህርታችን ሆይ፣ እንደ ሻማ ቀልጠው ለእኛ ያበሩ፣ ውለታዎን መቼም አልረሳውም።»

ሻማውን ለጊዜው እንተወውና የመጨረሻዋን ቃል እንያት። «ለእኛ» ብሎ ጀምሮ «አልረሳውም» ብሎ ጨረሰ። የጻፈው አንድ ልጅ ነዋ! አርባ ምናምን ተማሪ ፈርሞበት ሲያበቃ የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ነው። «አንረሳውም» ብሎ ማረም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጋራ ድምፅ ፊደል በመቀየር ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ለልጁ አንድ መመዘኛ ሰጠሁት፦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ሳይዋሽ ሊለው ይችላል ወይ? የማይችለው ከሆነ ያ ዓረፍተ ነገር የክፍሉ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከብጫቂ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቁራጭ ታድላላችሁ፤ ስም አይጻፍበትም። ጥያቄው «ስለ ቲቸር ምን ትላለህ?» ከሆነ ሁሉም «ጎበዝ ናት፣ እንወዳታለን» ብሎ ይመልሳል፣ ምንም አታገኙበትም። «ቲቸር ያደረገችው ወይም ያለችው፣ አንተ ያየኸው አንድ ነገር ጻፍ» በሉ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በፊተኛው መንገድ ጠይቆ ሠላሳ ጊዜ «ጎበዝ» የሚል ቃል ሰብስቦ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ጠየቀ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነገር አመጣ። አሥራ አንድ ወረቀት ስለ አንድ ቀን ያወራል፦ መስከረም ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህርቷ መጮኹን ትታ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በቾክ ብቻ ያስተማረችበት ቀን። የደሴን ዝናብ ለሚያውቅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንዲህ ሳይነጋገሩ ብዙዎች የጻፉት ነገር ሲገኝ መልእክቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ሁሉም እዚያ ነበረ፣ ማንም አይዋሽም።

አንዱ ወረቀት ላይ ግን «ፈተናዋ ይከብዳል፣ እኔ ብዙም አልወዳትም» የሚል ነበር። አለቃው ሊቀደው ሲል ከለከልኩት። ይህ ልጅም ክፍሉ ውስጥ ነው፤ «ሁላችንም እንወድዎታለን» ብለን ከጻፍን እሱን አስዋሸነው። ይልቅ ከጻፈው ላይ እውነቱን ወሰድን፦ ፈተናዋ ይከብዳል፣ ይህን ጎበዞቹም ያምናሉ። ከሌላ ወረቀት ደግሞ ስህተትን በእርሳስ ከብባ እንደምትመልስ ተገኘ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሻማው የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር ወጣ። ሻማው ለማንኛውም መምህር ይሆናል፤ እርሳሱ የሷ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው የአንድ ልጅ የግል ታሪክ ነው። አንዷ አባቷ ታሞ ሳምንት ቀርታ ስትመለስ መምህርቷ እንዴት እንደተቀበለቻት ጽፋለች። ስም ባይኖረውም ማን እንደቀረች ክፍሉ ያውቃል፣ ስለዚህ የአባቷን ሕመም ማንበብ እሷን አደባባይ ማውጣት ነው። መፍትሔው ምክንያቱን ትቶ ልማዱን መጻፍ ነው። ሌሎችም ቀርተው ስለሚያውቁ «ከመካከላችን የቀረ ሲኖር» ብሎ መጀመር ይቻላል።

ስለ አክብሮት ብዙ አትጨነቁ። ወሎ ቤት ውስጥ «አንቱ»፣ ትምህርት ቤት «እርስዎ» ይባላል፤ ልጆቹ በዚህ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አማርኛ ግን አክብሮቱን ግሱ ላይ ስለሚያኖረው ተውላጠ ስሙን ጭራሽ ባትጽፉት ምንም አይጎድልም። «አስተማሩን» ካላችሁ በቃ። መጥሪያውም በየቀኑ የምትጠሯት ይሁን። «ቲቸር» እያለ የኖረ ልጅ በልደቷ ቀን «ክብርት ሆይ» ሲል የሚያነበው የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመስላል።

መጨረሻው ላይ ምርቃት ይመጣል፣ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ታናሽ ታላቁን ተነሥቶ አይመርቅም፤ «ተባረኩ» የመምህሯ ድርሻ ነው። ተማሪ ከፈጣሪ ይለምንላታል። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ እናም «አላህ» ወይም «እግዚአብሔር» ሳይሆን «ፈጣሪ» ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ ይለዋል፤ አሚን የሚለው አሚን፣ አሜን የሚለውም አሜን ይላል። ዕድሜዋን በቁጥር አትጥቀሱ።

በመጨረሻ የተጻፈው ይህ ነው፦

«ቲቸር፣ እንኳን ተወለዱልን።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅዎ አልሰማ ሲለን፣ መጽሐፉን አስቀምጠው ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በቾክ አስተማሩን። ሲያበቁ ሰሌዳው ላይ ‹እኔ ጨርሻለሁ፣ ዝናቡ ገና ነው› ብለው ጻፉ።

ፈተናዎ ይከብደናል። ስንሳሳት ግን ኤክስ አድርገው አያልፉንም፤ የሳትንበትን መስመር በእርሳስ ከብበው ይመልሱልናል።

ከመካከላችን የቀረ ሲኖር ‹የት ነበርክ?› ከማለትዎ በፊት ‹ደብተር የሚያውስህ አገኘህ?› ይላሉ።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልን።

የ9ኛ ‹ለ› ተማሪዎችዎ»

ረጋ ተብሎ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከዚህ ከረዘመ ከኋላ ወሬ ይጀመራል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ክፍሉ በአንድነት ይበለው፣ መካከሉን አንድ ሰው ያንብብ። ሁሉንም በአንድነት ማንበብ አይሞከር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ከፊሉ ይቀድማል፣ ከፊሉ ይቀራል፣ ቃሉም አይለይም። አንባቢው የግድ አለቃው መሆን የለበትም። እነሱ ፈተናው ይከብዳል ያለውን ልጅ መረጡት፤ ወረቀቱ የሱ መሆኑን ራሱ ነበር የተናገረው።

ንጹሑን ቅጂ ከገለበጠው ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ይመልከተው። እነሱ ይህን ዘለሉት። መምህርቷ መልእክቱን ሰምታ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ዝም ብላ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደች። የገለበጠችው ልጅ ምርቃቱ ላይ «ያቆይልኝ» ብላ ጽፋ ኖሯል። መምህርቷ «ኝ»ዋን ከብባ ወረቀቱን መለሰችላቸው።