«እንዴት ልረዳዎት እችላለሁ?» ሲባል ከማን ሰማችሁ?

በዋሽንግተን አካባቢ በስልክ አስተረጉማለሁ። አዳዲስ አስተርጓሚዎች ሲለማመዱም ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ሁሉም የሚፈሩት የሕክምናውን ቃል ነው። የሚሰናከሉት ግን ገና ደጃፉ ላይ ነው። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ «ሄሎ፣ ሃው ካን አይ ሄልፕ ዩ?» ትላለች። ተለማማጁ ልጅ ደግሞ ፈጠን ብሎ «ሰላም፣ እንዴት ልረዳዎት እችላለሁ?»

ኧረ በናታችሁ! ሰፈራችሁ ያለው ባለሱቅ እንዲህ ብሏችሁ ያውቃል? ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ ስትደርሱስ?

«እንዴት» በእኛ አፍ ዘዴ ነው የሚጠይቀው። «እንዴት መጣህ?» ስንል መልሱ «በታክሲ» ነው። ክሊኒክ የደወለ ሰው ግን የመጣበትን ጉዳይ እንዲናገር ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ ጥያቄው «ምን» ነው። እንዲያውም ገንዘብ ልትበደሩ ሄዳችሁ ዘመዳችሁ በረጅሙ ተንፍሶ «እንዴት ልርዳህ?» ካላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን እንደምትመለሱ ያኔውኑ ይገባችኋል። «እችላለሁ»ም ትርፍ ነው። የእንግሊዝኛው «ካን» ለትህትና የገባ ነው። እኛ ትህትናውን «ል» ላይ ጨርሰነዋል፦ «ልግባ?»፣ «ልያዝልዎት?»፣ «ምን ልርዳዎት?» ከዚህ በላይ የሚጨመር ነገር የለም።

«ልርዳዎት»ም ቢሆን ሁልጊዜ አያዋጣም። ይህን የተማርኩት ራሴ ተሳስቼ ነው። በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ትልቅ እናት ደወሉ። ያንኑ የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ለቀቅኩባቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አይ ልጄ፣ እርዳታ እንኳ አልፈለግኩም፤ ልጆቼ አሉልኝ። ቀጠሮዬን ለማስቀየር ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ለእሳቸው «እርዳታ» ስንዴና ዘይት የሚሰፈርበት ሰልፍ ነው፤ የተቸገረ ሰው ነገር። ሻንጣ ከብዶት ለቆመ ሰው «ልርዳዎት?» ማለት ያምራል፤ ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው ግን አንዳንዴ ይጎረብጣል። አሁን ለቢሮና ለክሊኒክ «ምን ልተባበርዎት?» እላለሁ። ሥራው ያው ነው፤ ሰውየውን ግን ተረጂ አያደርገውም።

ይህን ስነግራቸው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣሉ፤ በየቦታው «ምን ልታዘዝ?» ይሆናል። «ምን ልታዘዝ?» ግሩም አማርኛ ነው፤ ግን የካፌና የሱቅ ነው። የታመመ ሰው ሲሰማው ማኪያቶ የሚቀርብለት ይመስለዋል። ያው አንድ ነገሩን ግን እወድለታለሁ፦ «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ውስጡ የለም። የሚያናግሩትን ሰው ሳያውቁ ማስታወቂያ ወይም የተቀዳ መልእክት ለሚጽፉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በስልክ «እርስዎ» ብላችሁ ጀምሩ። ድምፁ የልጅ ቢመስልም። «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ትወርዳላችሁ። ወርዶ መውጣት ግን ያስቸግራል።

«ሰላም» ለእኩያ ምንም አይልም። ለትልቅ ሰው ግን ያንሳል። «እንደምን አደሩ» እና «እንደምን ዋሉ» ደስ ይላሉ፤ ሆኖም ደዋዩ ሌላ ግዛት ከሆነ ሰዓቱ ይለያያል፣ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ጠዋት ይሁን ማታ አያውቅም። «ጤና ይስጥልኝ» ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያወጣል።

«ምን ነበር?» የሚለውን የማትደፍሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። «ነበር» ያለፈ ነገር ሳይሆን ማለስለሻ ነው። ድምፃችሁ ቆፍጠን ካለ ግን «ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?» ይሆናል፤ መጨረሻውን ሳብ አድርጉት።

ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በመልሱ። ሰውየው «እ? ምን አልከኝ?» ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከእንግሊዝኛው አልወጣም ማለት ነው። ባለፈው አንዷ ተለማማጅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልተባበርዎት?» አለች። አዛውንቱ ወዲያው ቀጠሉ፦ «አብሮ ይስጥልኝ፤ እንደምን ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? የደም ግፊት መድኃኒቴ አልቆብኝ ነው።»

እሷ ሰላምታውን ዘላ «መድኃኒቱ አልቆበታል» ብላ ተረጎመች። እንግዳ ተቀባይዋ ግራ ገባት፤ ያን ሁሉ ተናግረው ይቺ ብቻ? አስቁሜ ሰላምታውንም ጨምራ እንደገና እንድትተረጉም አደረግኳት። እንግዳ ተቀባይዋም ስቃ «ቤተሰብ ደህና ነው በያቸው» አለች።