የሳምንቱ የፖስት ዕቅድ ሐሙስ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቷ ኬክ እየጋገረች በቴሌግራም ቻናል የምትሸጥ ሴት እናስብ። የምትሠራው ብቻዋን ነው። ዕቃ ትገዛለች፣ ትጋግራለች፣ ታደርሳለች፣ ስልክም ታነሳለች። እሑድ ማታ ቁጭ ብላ ለሰባቱም ቀን አንድ አንድ ፖስት አቀደች። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ነው።

ምልክት፦ ሰኞና ማክሰኞ በሰዓቱ ይለጠፋል፣ ከሐሙስ በኋላ ቻናሉ ጭር ይላል

ብዙዎች ይህን የዲሲፕሊን ጉድለት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። ዕቅዱ የተሠራው በፖስት ብዛት እንጂ በሰዓት አይደለም። የ30 ሰከንድ ቪዲዮ መቅረጽ አለው፣ መቁረጥ አለው፣ ጽሑፍ አለው። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ የሚጎርፈውን ጥያቄ መመለስ አለ። ይህን የመጨረሻውን ማንም ዕቅድ ውስጥ አይጽፈውም። ትዕዛዙ በብዛት ለቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ሐሙስ ግዢ ነው፣ ዓርብ ጋገራ፣ ቅዳሜ ማድረስ። ፖስቱ የታቀደው እጇ ሊጥ ውስጥ ለሚሆንበት ቀን ነው።

መፍትሔው ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሥራውን መጻፍ ነው። ቀጥሎ የተረፈውን ሰዓት ቁጠሩ። እንበል ሰኞ 2፣ ማክሰኞ 2፣ ረቡዕ 1 ሰዓት ተረፈ፤ በድምሩ 5 ነው። አሁን አንድ ቪዲዮ ስትሠሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰዓት ያዙ። ቪዲዮው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፎቶ ከነጽሑፉ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ፣ አንድ ቪዲዮና ሁለት ፎቶ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ። በዚሁ አቁሙ። ቀሪው ግማሽ ለመልእክት ምላሽና መብራት ለሚጠፋበት ቀን ነው። በሳምንት ሦስት ፖስት ያንሳል የሚል ሰው፣ ሰባት አቅዶ ሁለት ከሚለጥፈው ጋር ያወዳድረው።

ምልክት፦ ፖስቱን ብዙ ሰው ያያል፣ ጥያቄም ይመጣል፣ ትዕዛዝ ግን የለም

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ቀኑ ነው። ዓርብ የተለጠፈ ኬክ ለቅዳሜ ልደት አይደርስም። ገዢው የፈለገው ቀን አልፏል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይረሳዋል።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ትዕዛዝ ከሚዘጋበት ሰዓት ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ትዕዛዝ ሐሙስ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ረቡዕ ማታ፦ «ነገ 6 ሰዓት ላይ እንዘጋለን፣ የቀረን የሦስት ኬክ ቦታ ነው» የሚል ፎቶ። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ደንበኛ ይቆጥራል። ማክሰኞ ማታ፦ በሳምንቱ ደጋግሞ የመጣውን ጥያቄ የሚመልስ ቪዲዮ፣ ለምሳሌ «2 ኪሎው ለስንት ሰው ይበቃል?» የሚለውን ቆርሶ በማሳየት። ሰኞ ማታ፦ ባለፈው ቅዳሜ የወጣ ኬክ ፎቶ። ዓርብና ቅዳሜ ምንም አይለጠፍም። ግን እያንዳንዱ ኬክ ከቤት ሳይወጣ መስኮት አጠገብ ፎቶ ይነሳ፤ የሰኞው ፖስት እሱ ነው።

ሁለተኛው «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ኪሎውን፣ ዋጋውንና የማድረሻውን ሂሳብ ፖስቱ ላይ ጻፉት። የሚጠይቀው ሰው ይቀንሳል፣ የሚቀረው ግን ሊያዝዝ የመጣው ነው።

ምልክት፦ ቀድሞ የተቀጠረው ፖስት ሰው ሁሉ ተኝቶ ወጣ

ይህ የሰዓት አቆጣጠር ችግር ነው። ለምሽቱ 2 ሰዓት ብላችሁ 2:00 ካስገባችሁ፣ ፖስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው ሰዓት 18 ደምሩ፤ የምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ይሆናል። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቀስት ተጭናችሁ ስትቆዩ Schedule Message የሚል ይመጣል። አንዴ ከተቀጠረ ስልኩ ቢዘጋም ይወጣል። ስለዚህ የሰኞንና የማክሰኞን ፖስት ሰኞ ቀን ላይ ቀጥሮ መጨረስ ይቻላል፤ የረቡዕን ግን የቀረው ቦታ ሲታወቅ ነው።

ምልክት፦ ጥሩ ይሄድ የነበረው ዕቅድ ድንገት ሰሚ አጣ

ቀን መቁጠሪያውን እዩ፤ ጾም ገብቶ ይሆናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የክሬም ኬክ መለጠፍ ብዙ ደንበኛ አያመጣም። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጾምና የበዓል ቀኖችን አስቀድማችሁ ጻፉ። በጾም ሳምንት ሦስቱም ፖስት ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ስለሚሠራው የጾም ኬክ ይሁን። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ግን አንድ ፖስት ብቻ ያዙ፤ ትዕዛዙ የሚዘጋበትን ቀን የሚናገረውን። ሲሞላም «ሞልቷል» ብላችሁ እዚያው ላይ አስተካክሉት።