ፎቶው የት እንደተነሳ ከታክሲው እንዴት ይታወቃል

ባለፈው አጎቴ በቴሌግራም አንድ አሮጌ ፎቶ ላከልኝና "ፒያሳ ነው፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ" አለኝ። እኔ ግን ከኋላው የቆመችውን ታክሲ ሳያት ፒያሳ አልመስልህ አለኝ። እንዴት እንዳየሁት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ሌላ ፎቶ ላይም ትሞክሩታላችሁ።

መጀመሪያ ከለሩን ተዉትና በሩን ፈልጉ። ሚኒባስ ላይ ሰው የሚወጣበት ተንሸራታች በር ሁሌም ወደ እግረኛ መንገዱ በኩል ነው መሆን ያለበት፣ አለበለዚያ ወያላው ተሳፋሪውን መሀል አስፋልት ላይ ሊያወርደው ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ በሩ በቀኝ ነው፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ግን በግራ ስለሚነዱ በሩም በግራ ነው። ይሄ ብቻውን ግማሹን አገር ያስወጣላችኋል። ግን ሴልፊ ከሆነ ወይ ፎቶው ተገልብጦ ከሆነ ሁሉም ነገር ይዞርባችኋል፣ ስለዚህ በፊት የሱቅ ታፔላ ወይ ታርጋ ላይ ያለው ጽሑፍ በትክክል መነበቡን እዩ።

ከዛ ከለሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሰማያዊና ነጭ ሲያይ ቶሎ "አዲስ አበባ!" ይላል። ሰማያዊና ነጭ ኢትዮጵያ ነው የሚለው እንጂ አዲስ አበባ አይልም፣ ሐረርም ድሬዳዋም ታክሲው እንደዛ ነው፣ ባጃጅ ደግሞ ባህር ዳር ሂዱ ጎንደር ሂዱ ሰማያዊ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ይለያሉ፦ አስመራ ታክሲው ቢጫ ነው፣ ጅቡቲ አረንጓዴና ነጭ፣ ኬንያ ማታቱ ላይ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎኑ ቢጫ መስመር ግዴታ ሆኗል፣ ካምፓላ ደግሞ ነጭ ሚኒባስ ላይ ሰማያዊ ዳማ ዳማ የመሰለ መቀነት ታገኛላችሁ። ይሄኛው ራቅ ብሎ ሲታይ ከኛው ጋር ሊምታታ ይችላል። የኛው ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ ነው፣ የካምፓላው ግን ጠቅላላው ነጭ ሆኖ መሀሉ ላይ ነው የተቀባው፣ ስለዚህ ሰማያዊው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው ማየት ያለባችሁ።

አሮጌ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ከለሩን ብዙ አትመኑት። የድሮ ወረቀት ፎቶ ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ያደላል፣ ሰማያዊው ግራጫ ወይ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ነጩ ክሬም ይሆናል። ከለሩ ቢጠፋም የሁለቱ ቀለም ድንበር ግን አይጠፋም፣ እሱን ተከተሉ።

አሁን ከተማውን የሚለየው ቅርጹ ነው። ትንሿ ባለ አራት ማዕዘን ሰማያዊና ነጭ መኪና ላዳ ከሆነች አዲስ አበባ የመሆን እድሉ በጣም ሰፊ ነው። ፔጆ 404 ከሆነች ግን ሐረር ወይ ድሬዳዋ በሉ፣ እዛ ለዘመናት ታክሲ ሆና ሰርታለች። ሁለቱን በሩቅ ለመለየት ኋላውን እዩ፣ የላዳ ኋላ ቀጥ ያለ ነው፣ የ404 ግን በሁለቱም ጎን ወደ ላይ ቀጠን ብሎ የወጣ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ነገር አለው፣ መብራቱም እዛው ጫፉ ላይ ነው። አውቶቡስ ካለማ ስራው ቀለለ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ የአንበሳ ስዕል ካለው አዲስ አበባ ነው አለቀ። ነጭ አባዱላ ብቻውን ግን አትመኑት፣ ከከተማ ከተማ ስለሚመላለስ የትም ሊቆም ይችላል።

የአጎቴ ፎቶ ላይ የነበረችው መኪና ከኋላ ነው የታየችው፣ ከለሯ ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ከላዩ ግን ጣሪያዋ ክሬም ነው፣ ድንበሩ ግልጽ ነው፣ እና ክንፎቹ አሉ። 404 ናት። ከዛ ዙም አድርጌ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ሳይ ድንጋዩ ሳይጠረብ የተደራረበ ረጅም ግንብ ነው። ጀጎል። አንድ ምልክት ብቻ ቢሆን አልወስንም ነበር፣ 404 የግል መኪናም ሆና አዲስ አበባ ውስጥ ትገኝ ነበርና፣ ግን ጣሪያው በታክሲ ደንብ የተቀባ ሆኖ ግንቡም ሲጨመር ፒያሳ የሚባል ነገር አልቀረም።

አጎቴን "ሐረር ምን ትሰራ ነበር?" ብዬ ስጽፍለት አይቶት ዝም አለ፣ ማታ ላይ "አክስትህ እንዳትሰማ" ብሎ መለሰልኝ።