የፋሲካ መልካም ምኞትና ቅናሽ በአንድ ፖስት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችህ እንበል። ፋሲካ ደርሷል። በቴሌግራም ቻናልህና በፌስቡክ ገጽህ ደንበኛን እንኳን አደረሳችሁ ልትል ነው፤ በዚያው ድፎህንም ልትሸጥ። ክፋት የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። የሚበላሸው አጻጻፉ ላይ ነው።

ቀኑ ሳይደርስ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት

በሰሙነ ሕማማት፣ ለምሳሌ ሐሙስ ላይ፣ «እንኳን ለትንሣኤ አደረሳችሁ» የሚል ፖስት ታያለህ። ገና ማን ደረሰ? ሕዝቡ ስግደት ላይ ነው። ከትንሣኤ በፊት የሚባለው «በሰላም ያድርሰን» ነው። ፎቶው ደግሞ ይብሳል፤ 55 ቀን የሚጾም ሰው ስልኩን ሲከፍት ቅቤ የተቀባ ድፎና ዶሮ ወጥ ይጠብቀዋል። በዚያ ሳምንት ደረቁን ዳቦ ብቻ ብታሳይ ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ፖስት ያስፈልግሃል። የትእዛዙ ማስታወቂያ ከሆሣዕና በፊት ይውጣ፤ ዋጋና የመጨረሻ የማዘዣ ቀን ብቻ ይኑረው። የመልካም ምኞቱ እሑድ ጠዋት ይውጣ።

በበዓሉ ቀን የበዓሉን ዕቃ መሸጥ

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። እሑድ ጠዋት «ለፋሲካ ድፎ 10 በመቶ ቅናሽ» ብለህ ብትለጥፍ ማን ይገዛሃል? ዶሮው ቅዳሜ ተገነጣጥሏል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ገድፏል። ቅናሹ ያለፈበት ከመሆኑም ሌላ ያልተሸጠ የተረፈህ ያስመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣውን አስብ። ሰኞ ማዕዶት ነው። በሳምንቱ እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ነው። ጾሙ ይዞት የቆየው ሠርግ ይጀመራል፤ እስከ ጰራቅሊጦስም ረቡዕና ዓርብ ጾም የለም፤ የቅቤ ኬክህ በሁለቱም ቀን ይወጣል ማለት ነው። እሑድ የምትጽፈው ቅናሽ ለዚህ ወቅት ይሁን። ወቅታዊ ማለት እንዲህ ነው።

በዓሉን ከዋጋው ጋር ማጋባት

«ክርስቶስ ተነሣ፣ ዋጋችን ወደቀ!» ዓይነት ቀልድ። የጻፈው ሰው ስቆ ይሆናል፣ እናቱ ግን አትስቅም። ቃለ አጋኖና የእሳት ምልክት መደርደርም ያው ነው። ምኞቱን ጨርስ፣ አንድ መስመር ዝለል፣ ከዚያ ስለ ዳቦው በተለመደ ድምፅ ተናገር። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሙስሊም ደንበኛም አለህ። «ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ» ብለህ ጀምር። ሐሰት የለበትም፣ ማንንም አያስቀይምም።

ዋጋውን መደበቅ፣ ቦታውን ማድበስበስ

«ታላቅ ቅናሽ! ዋጋ በውስጥ መስመር።» ይህን የሚወድ ሰው አላየሁም። ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ፣ መቼ እንደሚያበቃ ጻፍ። ከተማ ዳር ደግሞ አድራሻ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሕንፃ ስም ብትጠራ ማንም አያውቀውም፤ ሰው የሚያውቀው ታክሲ የሚያወርድበትን ነው። በበዓሉ ቀን ክፍት ነህ ወይስ ዝግ? እሱንም ተናገር፤ ከኮዬ ፈጬ ድረስ መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው አይመለስም።

ሁሉም ሲሰበሰብ ይህን ይመስላል፦

> ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።
>
> ከነገ ሰኞ ጀምሮ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ትልቁ ድፎ ከ900 ብር ወደ 800 ብር ወርዷል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ እዘዙን። ለሠርግም ትእዛዝ እንቀበላለን።
>
> ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ታክሲ ከሚያወርድበት ፊት ለፊት። ዛሬ ከቤተሰብ ጋር ነን፤ ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንከፍታለን።

ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ የራስህን አስገባ። ቅናሹ በምኞቱ ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ መቀመጡን ልብ በል። ከሁለት መስመር በላይ ከወሰደ ምኞቱን ይውጠዋል።

ለጥፎ መጥፋት

ከሥሩ «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚሉ ይመጣሉ። ለእነሱ «ለማዘዝ ይደውሉ» ብሎ መመለስ ነውር ነው። «አሜን፣ ለከርሞም ያድርሰን» በል። የዋጋ ጥያቄ ለጠየቀ ብቻ ዋጋ መልስ። ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ ደግሞ ፖስቱን አትሰርዘው፤ አርም የሚለውን ነክተህ «ቅናሹ አብቅቷል» ጨምርበት። አለዚያ ግንቦት ላይ በ800 ብር ስጠኝ የሚል ሰው ስልኩን ዘርግቶ በርህ ላይ ይቆማል፣ እውነቱንም ነው።