ሁለት ኖዶቹ ዋጋ የተቀያየሩበትን የፍለጋ ዛፍ እንዴት እንጠግናለን?

የፍለጋ ዛፍ አንድ ሕግ አለው። ከየትኛውም ኖድ በስተግራ ያለው ሁሉ ከእሱ ያንሳል፤ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ይበልጠዋል። አሁን የሆነ የተሳሳተ ኮድ የሁለት ኖዶችን ዋጋ አቀያየረ እንበል። የዛፉ ቅርጽ አልተነካም። ቅርንጫፎቹም ባሉበት ናቸው። ቦታቸውን የሳቱት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን የነገረን የለም።

ዋጋዎቹን በሙሉ አውጥቶ፣ ደርድሮ፣ መልሶ ማስገባትም ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ለሁለት ቁጥር ተብሎ ሁሉም ይነካል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ ዛፉ ውስጥ ከሁለት በላይ ቁጥር ተበላሽቶ ከነበረ መደርደሩ ሁሉንም ሸፍኖ ያልፈዋል፤ ችግሩ ምን እንደነበር ሳናውቀው እንቀራለን። ስለዚህ የተሳሳቱትን ሁለቱን ለይተን እናውጣ።

እንዲህ ያለ ዛፍ እንያዝ፦

```
        50
      /    \
    30      70
   /  \    /  \
  20  60  40  80
```

60 እና 40 ቦታ ተለዋውጠዋል። እስቲ ዛፉን 60ን ጠይቁት። 50 ላይ ስትደርሱ 60 ይበልጣልና ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ፤ 70 ላይ ያንሳልና ወደ ግራ፤ እዚያ የምታገኙት 40 ነው፤ ከእሱ በስተቀኝ ደግሞ ምንም የለም። ፍለጋው «60 የለም» ብሎ ይመለሳል፣ 60 ግን በዛፉ ሌላ ወገን ቁጭ ብሏል። በተግባር ይህ ብልሽት መጀመሪያ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፦ እንዳለ እርግጠኛ የሆናችሁበት ነገር ይጠፋል፣ ዛፉ ግን ምንም ስህተት አያሳይም።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ምርመራ ለምን አይበቃም

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሞክረው እያንዳንዱን ኖድ ከሁለት ልጆቹ ጋር ማወዳደር ነው። ከላይ ያለውን ዛፍ በዚህ መንገድ መርምሩት። 30 ከ50 ያንሳል፣ ልክ ነው። 70 ይበልጣል፣ ልክ ነው። 20 ከ30 ያንሳል፣ 60 ደግሞ ከ30 ይበልጣል። 40 ከ70 ያንሳል፣ 80 ይበልጣል። ሁሉም አለፈ! ዛፉ ግን ተበላሽቷል። ምክንያቱም ሕጉ የሚናገረው ስለ ልጆች ብቻ ሳይሆን በዚያ ወገን ስላለው ሁሉ ነው፤ 60 ከ50 በስተግራ ሊቀመጥ አይችልም፣ የቅርብ ወላጁ ግን 30 ስለሆነ ማንም አላወቀበትም።

ዛፉን ወደ አንድ መስመር አውጡት

መፍትሔው ዛፉን በተራ ማንበብ ነው። በየኖዱ መጀመሪያ የግራው ወገን በሙሉ ይነበባል፣ ቀጥሎ ራሱ ኖዱ፣ ከዚያ የቀኙ ወገን። ኢን-ኦርደር የሚሉት ይህን ነው። ጤነኛ የፍለጋ ዛፍ በዚህ መንገድ ሲነበብ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ እየጨመሩ ይወጣሉ፣ አንድም ቦታ ወደ ታች አይሉም። የእኛ ዛፍ ግን እንዲህ ይወጣል፦

```
20  30  60  50  40  70  80
```

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ስለ ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ መስመር ይሆናል። ቁጥሩ ከፊቱ ካለው አንሶ የሚወጣበትን ቦታ ቁልቁለት እንበለው። እዚህ ሁለት ቁልቁለት አለ፦ ከ60 ወደ 50፣ ከዚያም ከ50 ወደ 40።

ከቁልቁለቱ ውስጥ ጥፋተኛውን መለየት

እያንዳንዱ ቁልቁለት ሁለት ቁጥሮች አሉት። የትኛው ነው ያለቦታው ያለው? እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና።

ሁለት ቁጥሮች ሲቀያየሩ ትልቁ ወደ ፊት ይመጣል፣ ትንሹ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ፊት የመጣው ትልቅ ቁጥር ከፊቱ ካሉት ጋር አይጣላም፣ ከእነሱ ይበልጣልና። የሚጣላው ከእሱ ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቁልቁለት ጥፋተኛው ቀድሞ የተነበበው ነው። ወደ ኋላ የሄደው ትንሽ ቁጥር ደግሞ ከኋላው ከሚመጡት ጋር ሰላም ነው፤ የሚጣላው ከእሱ በፊት ከተነበበው ጋር ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ቁልቁለት ጥፋተኛው ዘግይቶ የተነበበው ነው።

በእኛ መስመር ከመጀመሪያው ቁልቁለት 60ን እንይዛለን፣ ከመጨረሻው 40ን። 50 በሁለቱም ቁልቁለቶች ውስጥ ታይቷል፣ ግን ንጹሕ ነው፤ በመካከል ስለተገኘ ብቻ ነው የተጠረጠረው።

አሁን ሌላ ሁኔታ እንይ። የተቀያየሩት 40 እና 50 ቢሆኑስ? በትክክለኛው ተራ ጎን ለጎን ናቸው፣ መስመሩም እንዲህ ይሆናል፦

```
20  30  50  40  60  70  80
```

ቁልቁለቱ አንድ ብቻ ነው፣ ከ50 ወደ 40። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ጥፋተኞች እዚያው አሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ በብዛት ያየሁት ይህን የሚመለከት ነው፤ እኔም ራሴ ሠርቼዋለሁ። ኮዱ ሁለተኛውን ጥፋተኛ የሚይዘው ሁለተኛ ቁልቁለት ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ ጎረቤታሞች በተቀያየሩበት ዛፍ ላይ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም መጨረሻ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቁልቁለት ሁለቱንም ያዙ፤ ሌላ ቁልቁለት ከመጣ ሁለተኛውን ብቻ ቀይሩት።

ኮዱ

በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፦

```python
def repair(root):
    first = second = prev = None
    stack, node = [], root
    while stack or node is not None:
        while node is not None:
            stack.append(node)
            node = node.left
        node = stack.pop()
        if prev is not None and prev.val > node.val:
            if first is None:
                first = prev
            second = node
        prev = node
        node = node.right
    if first is not None:
        first.val, second.val = second.val, first.val
```

`prev` ከአሁኑ በፊት የተነበበው ኖድ ነው። በዛፉ ላይ ወላጁ ላይሆን ይችላል፣ በንባብ ተራ የቀደመው ነው እንጂ፤ እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ። `second = node` የሚለው መስመር ከውስጠኛው `if` ውጭ መሆኑንም ልብ በሉ። ጎረቤታሞቹን የሚያድናቸው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው `if` ደግሞ ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ምንም እንዳይነካ ነው።

በሪከርሽን መጻፍም ይቻላል፣ ኮዱም ያጥራል። እኔ ስታክ የመረጥኩት ዛፉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለና ጥልቅ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ፓይተን ካልተነገረው በቀር ከ1000 ገደማ በላይ ጥልቀት ያለውን ሪከርሽን አይፈቅድም። ንባቡ እያንዳንዱን ኖድ አንዴ ያያል፤ ስታኩ የሚይዘው ቦታ ከዛፉ ቁመት አይበልጥም።

ያንንም ቦታ ማስቀረት ለሚፈልግ፣ ጆሴፍ ሞሪስ በ1979 ያሳተመው የንባብ መንገድ አለ። ስታክ አይጠቀምም። በየቦታው ባዶ የሆኑ የቀኝ ፖይንተሮችን ለጊዜው ወደ ቀጣዩ ኖድ ያስራል፣ ሲመለስ ይፈታቸዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ሁለተኛውን ቁልቁለት አገኘሁ ብላችሁ መሀል ላይ ካቋረጣችሁት፣ ያልተፈቱ ማሰሪያዎች ዛፉ ውስጥ ይቀራሉ፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሰውም ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። በሞሪስ መንገድ የጀመረ እስከ መጨረሻው ይጨርስ።

ስትመልሱ ምኑን ነው የምትመልሱት?

በምሳሌው ኖዱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው። በእውነተኛ ፕሮግራም ግን ከቁጥሩ ጋር ሌላ መረጃ ይኖራል። ስህተቱ የተፈጸመው በቁጥሩ ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ መልሱ። ቁጥሩ ከነመረጃው ተቀይሮ ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ መልሱ፤ አለበለዚያ ዛፉ በደንብ ይፈልጋል፣ የሚያመጣው መረጃ ግን የሌላ ይሆናል። ይሄ ከመጀመሪያው ብልሽት ይልቅ ለማወቅ ይከብዳል።

ዛፉ ራሱን የሚያመጣጥን ዓይነት ከሆነ ደግሞ በየኖዱ ላይ ቁመት ወይም ቀለም ተጽፎ ይገኛል። እነዚህን አትንኩ። እነሱ የሚናገሩት ስለ ቦታው ነው፣ ቦታው ደግሞ አልተቀየረም።

መጠገኑን አረጋግጡ

ከጠገናችሁ በኋላ ዛፉን አንዴ እንደገና አንብቡትና ቁልቁለት አለመኖሩን እዩ። ይህን እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ። «ሁለት ብቻ ናቸው የተቀያየሩት» የተባለው ስህተት ሊሆን ይችላልና። ለምሳሌ 20፣ 30 እና 40 ሦስቱ ዞረው መስመሩ በ30፣ 40፣ 20 ቢጀምር ቁልቁለቱ አንድ ብቻ ነው፣ የሁለት ጎረቤታሞችን መቀያየር ይመስላል። ኮዱም 40 እና 20ን ይመልሳል፣ የሚወጣውም 30፣ 20፣ 40 ነው። አሁንም የተበላሸ! በሁለተኛው ንባብ ወዲያውኑ ይታያል። በመጀመሪያው ንባብ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቁልቁለት ከቆጠራችሁ ደግሞ ምንም አትቀይሩ፤ ሁለት ቁጥር መቀያየር ከሁለት በላይ ቁልቁለት ሊፈጥር አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዋጋዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ዛፉ እኩል ዋጋዎችን የሚቀበል ከሆነ ንባቡ ሊያሳስታችሁ ይችላል። 10፣ 20፣ 20፣ 30 ውስጥ 10ን ከሁለተኛው 20 ጋር ብትቀያይሩት 20፣ 20፣ 10፣ 30 ይሆናል። ቁልቁለቱ የሚገኘው ከ10 ፊት ባለው 20 ላይ ነው፣ ወደ ፊት የመጣው 20 ግን ከእሱም በፊት ነው ያለው። ኮዱ የተሳሳተውን 20 ይዞ 20፣ 10፣ 20፣ 30 ያወጣል። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ስትደርሱ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሱና ከያዛችሁት ጋር እኩል ከሆኑት ውስጥ በተራ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ለሁለተኛውም በተቃራኒው አድርጉ፤ ወደ መስመሩ መጨረሻ ሄዳችሁ ከእኩዮቹ የመጨረሻውን ያዙ።