ለድንኳን ሻይ ስንት ቅጠል ይበቃል?

ደሴ ላይ ለለቅሶም ለመውሊድም ሻይ በትልቁ የምታፈሉ፣ ቅጠሉን በግምት አትበትኑት። ደቃቅ ቅጠል ከሆነ በሊትር 8 ግራም ይበቃል። ለ20 ሊትር 160 ግራም ማለት ነው፤ ባለ 100 ግራሙ ፓኬት አንድ ተኩል አለፍ ይላል።

ቀረፋና ቅርንፉዱን ከውሃው ጋር ቀድማችሁ አፍሉ። ቅጠሉን በንጹህ ስስ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ስለሚያብጥ፣ ከጠበቀ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ውሃው ሲንተከተክ እሳቱን አጥፍታችሁ ክተቱት። ደሴ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ 6 ወይ 7 ደቂቃ ይቆይ።

ከዚያ ቋጠሮውን አውጡት፣ አትጭመቁት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ውስጥ ከዋለ ሻዩ ይጠቁራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ስኳርም አያድነው። ቀጠነ ካላችሁ በቀጣዩ ዙር ቅጠል ጨምሩ እንጂ ደቂቃ አትጨምሩ።