ከቀድሞ አለቃዎ የሥራ ልምድ ማረጋገጫ ሲጠይቁ

የፕሮጀክት ሥራ አመራር ባለሙያነት ምስክር ወረቀት (ፒኤምፒ) ለማግኘት የምታመለክቱ ሰዎች፣ ለቀድሞ አለቃችሁ ኢሜይል መጻፍ ያለባችሁ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ነው። ሰጪው ተቋም አንዳንድ ማመልከቻዎችን በዕጣ መርጦ ስለሚመረምር፣ ዕጣው የደረሰው አመልካች በ90 ቀናት ውስጥ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ላይ የአለቃውን ማረጋገጫ ማቅረብ ይኖርበታል፤ አለቃው ሥራ ቀይሮ ወይም አገር ለቆ ከሆነ ደግሞ ይህ ጊዜ ላይበቃ ይችላል።

«ልምዴን ያረጋግጡልኝ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። በማመልከቻው ላይ የሞላችሁትን የፕሮጀክት መግለጫ ቃል በቃል በኢሜይሉ ውስጥ አስገቡት፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. (ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2021) በእርስዎ ኃላፊነት ሥር የውኃ መስመር ዝርጋታውን ፕሮጀክት መርቻለሁ። የሥራ መርሐ ግብሩን አዘጋጅቻለሁ፤ የ6 ባለሙያዎችን ሥራም አስተባብሬአለሁ። ከላይ ያለው መግለጫ እርስዎ ከሚያውቁት ጋር የማይስማማ ከሆነ እንዲያርሙኝ፣ የሚስማማ ከሆነም ማረጋገጫ ሲጠየቁ የሚገኙበትን ኢሜይል እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠሮች መጻፍ እጅግ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው የሚሞላው በአውሮፓውያኑ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግን ብዙውን ጊዜ በእኛ ስለሚጻፍ፣ አለቃው ፋይሉን አይቶ «2012» ብሎ ካረጋገጠ የሰባት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። እርማት ከመጣም መጀመሪያ ማመልከቻውን አስተካክሉ፤ እናንተ የሞላችሁትና እሳቸው የሚፈርሙበት አንድ መሆን አለበት።